ቁልፉ ገባ ወይስ ወጣ? ፍሬም በፍሬም ሲገለጽ እንቅስቃሴው የት ይጠፋል

ሰነፍ_ኮደር

ሰላም ለቤቱ። አንድ የ9 ሴኮንድ ቪዲዮ ሦስት ቀን ሙሉ እንቅልፍ ነስቶኛል። እባካችሁ ገላግሉኝ።

የምሠራው ነገር ቀላል ነው። ቪዲዮ ይገባል፣ ምን እንደተደረገ በጽሑፍ ይወጣል። በየሴኮንዱ አንድ ፍሬም እወስዳለሁ። እያንዳንዱን ፍሬም ለብቻው ምስል ለሚገልጽ ሞዴል እሰጣለሁ። ከዚያ ዘጠኙን መግለጫ ሰብስቤ ለቋንቋ ሞዴል «ምን ተደረገ?» ብዬ አቀብላለሁ።

ቪዲዮው ላይ የሆነው ይሄ ነው። ጠረጴዛ ላይ ሰማያዊ ማንጠልጠያ ያለው ቁልፍ አለ። ሰውዬው ያነሳዋል። በሌላ እጁ መሳቢያ ይከፍታል። ሰማያዊውን እዚያ ከትቶ ቀይ ማንጠልጠያ ያለውን ያወጣል። ቀዩን ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጣል። በቃ፣ ቁልፍ ቀየረ።

የወጣልኝ መግለጫ ደግሞ ይኸውላችሁ፦

0 ሴኮንድ፦ ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ አለ።
1 ሴኮንድ፦ የሰውዬው እጅ ቁልፉ ላይ ነው።
2 ሴኮንድ፦ ሰውዬው ቁልፍ ይዟል።
3 ሴኮንድ፦ መሳቢያው ተከፍቷል።
4 ሴኮንድ፦ እጁ መሳቢያው ውስጥ ነው።
5 ሴኮንድ፦ መሳቢያው ተከፍቷል።
6 ሴኮንድ፦ ሰውዬው ቁልፍ ይዟል።
7 ሴኮንድ፦ የሰውዬው እጅ ቁልፉ ላይ ነው።
8 ሴኮንድ፦ ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ አለ።

ማጠቃለያው «ሰውዬው ከመሳቢያ ቁልፍ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ» ይላል። ግማሹ እውነት ነው። ሰማያዊው ቁልፍ ግን የት ገባ? እያንዳንዱን መግለጫ ከፍሬሙ ጋር አመሳክሬአለሁ፤ አንዱም ውሸት የለበትም። ዘጠኝ እውነት ተደምሮ እንዴት ውሸት ይሆናል?

ፈጣን_መልስ

ወንድሜ በሴኮንድ አንድ ፍሬም በጣም ትንሽ ነው። በሰኮንድ አስር አድርገው። ሞዴሉ ያላየውን ከየት ያምጣ?

ሰነፍ_ኮደር

እሱንም ሞክሬዋለሁ። 90 መግለጫ መጣ። ከሃያ በላይ የሚሆኑት ቃል በቃል «እጁ መሳቢያው ውስጥ ነው» ይላሉ። ማጠቃለያው ምን ቢል ጥሩ ነው? «ሰውዬው እጁን ደጋግሞ መሳቢያው ውስጥ ከተተ።» አንዴ ነው የከተተው! ብሶበት ቁጭ አለ፤ ክፍያው ደግሞ አስር እጥፍ።

ኩኩ_88

እኔም ቪዲዮ ሲቆራረጥብኝ እንዲሁ ነበር። ማጫወቻውን ቀይረህ ሞክር። የሃርድዌር ማፋጠኛውን ስታጠፋው ደግሞ ፍሬም መዝለሉን ያቆማል።

ሰነፍ_ኮደር

አመሰግናለሁ ኩኩ፣ ግን ቪዲዮው በደንብ ይጫወታል። ችግሩ መግለጫው ላይ ነው።

ጋሽ_መቀስ

ለብዙ ዓመት ፊልም ስቆርጥና ስቀጥል የኖርኩ ሰው ነኝ፤ አሁን የምሠራው ከአንተ ሥራ ጋር የተቀራረበ ነው። እስቲ አንድ ነገር አድርግልኝ። ዝርዝርህን ከታች ወደ ላይ አንብበው።

አነበብከው? ምንም አልተለወጠም። 0 እና 8 አንድ ናቸው። 1 እና 7 አንድ ናቸው። 2 እና 6፣ 3 እና 5 እንዲሁ። ቪዲዮውን ወደ ኋላ ብታጫውተው የሚወጣው ዝርዝር ይኸው ራሱ ነው። እንግዲህ ማጠቃለያ ጸሐፊው ሞዴል «ከተተ» ወይም «አወጣ» የሚለውን ከዚህ ላይ የሚያውቅበት መንገድ የለውም። ገምቶ ነው የጻፈልህ። ሰው መሳቢያ ሲከፍት ብዙውን ጊዜ አንድ ነገር ሊያወጣ ነው ብሎ አሰበ፤ ግማሹ ተሳካለት።

ፈጣን መልስ ያለው ሐሰት አይደለም፤ ግን ሁለት የተለያዩ ኪሳራዎችን አንድ አደረጋቸው። የመጀመሪያው ኪሳራ ፍሬም ስትጥል የሚመጣው ነው። በሴኮንድ 30 ፍሬም የተቀረጸ 9 ሴኮንድ 270 ፍሬም አለው። ዘጠኙን ይዘህ 261 ጣልክ። በሴኮንድ ግማሽ ሜትር የምትሄድ እጅ በሁለት ፍሬሞችህ መካከል የጠረጴዛውን ግማሽ ታቋርጣለች። ይሄ ፍሬም ስትጨምር ይሻሻላል።

ሁለተኛው ኪሳራ የሚመጣው ፍሬሙ ወደ ቃል ሲለወጥ ነው፤ አንተን የጎዳህ ይሄ ነው። ሁለት ተከታታይ ፍሬሞችን አስብ። በመጀመሪያው እጁ ከመሳቢያው ጠርዝ አራት ሳንቲሜትር በላይ ነው፤ በሁለተኛው ሁለት ሳንቲሜትር። ሥዕሎቹን ጎን ለጎን ብታስቀምጣቸው እጁ እየወረደ መሆኑን ሕፃን ልጅ ይነግርሃል። ለየብቻ ሲገለጹ ግን ሁለቱም «እጁ መሳቢያው ላይ ነው» ናቸው። እንቅስቃሴው የነበረው ልዩነቱ ውስጥ ነበር፤ ልዩነቱን ቃሉ ዋጠው። አንዴ ከተዋጠ በኋላ የቱንም ያህል ጎበዝ ማጠቃለያ ጸሐፊ ብታመጣ አይተፋውም። 90 መግለጫ ያልጠቀመህ ለዚህ ነው። 90 ጊዜ ነው የተዋጠው።

ስለዚህ ማነጻጸሩ ከቃሉ በፊት ይቅደም። ፍሬሞቹ ገና ሥዕል እያሉ አንድ ላይ ይታዩ፤ የሚጻፈው ልዩነታቸው ይሁን። እንዴት እንደሆነ ማታ እጽፍልሃለሁ፤ አሁን ሥራ ላይ ነኝ።

ፈጣን_መልስ

እሺ ጋሼ፣ ተረታሁ 😄 ግን ቀለሙን እንዲጽፍ ቢያዘው አያልቅም ነበር? «ሰማያዊ ቁልፍ»፣ «ቀይ ቁልፍ» ቢል ማጠቃለያው ያገኘው ነበር።

ጋሽ_መቀስ

ለዚህች ቪዲዮ ያልቅ ነበር። 2ኛው ላይ ሰማያዊ፣ 6ኛው ላይ ቀይ ካለ መቀየሩ ይታወቃል። ያ ግን የዕድል ነገር ነው። ሁለቱም ማንጠልጠያ ሰማያዊ ቢሆኑስ? ያኔ ቁልፉ መቀየሩን የምታውቀው የመጀመሪያውን ሲለቀው፣ ሌላውን ሲያነሳ ካየህ ብቻ ነው። ቀለም ይጻፍ፣ አይጎዳም። ግን አትደገፍበት።

ሚጣ

የኔ ሥራ ትንሽ ይለያል፤ ሞዴል የለኝም። ለማያዩ ሰዎች ቪዲዮ ላይ የሚሆነውን በአማርኛ እጽፋለሁ። አንዳንዴ ቪዲዮውን ሳይሆን የተመረጡ ፎቶዎችን ብቻ ይልኩልኝና «ከዚህ ጻፊ» ይሉኛል። ስለዚህ እዚህ ላይ የምትሉት ነገር በራሴ ደርሷል።

አንድ ነገር ግን ማንም አላነሳም። የሰነፍን ዝርዝር ተመልከቱ፦ «መሳቢያው ተከፍቷል»። ይሄ አማርኛ ሁለት ነገር ይላል። አንደኛው መሳቢያው ክፍት ነው የሚለው ነው። ሌላኛው አሁን ከፈቱት የሚለው። ፎቶው የሚያሳየው የመጀመሪያውን ብቻ ነው። የሚያነበው ግን ሁለተኛውን ሊወስድ ይችላል። ከዚህ ዝርዝር ላይ ደግሞ 3ኛውም 5ኛውም «ተከፍቷል» ስለሚሉ፣ መሳቢያው ሁለት ጊዜ ተከፈተ ብሎ የሚረዳ አይጠፋም።

ከዚህ የባሰው «አውጥቶ አስቀመጠ» ዓይነቱ ነው። «አውጥቶ» ስንል ቅደም ተከተል ጨመርን ማለት ነው፤ መጀመሪያ ይሄ፣ ቀጥሎ ያ። ቋንቋችን ዓረፍተ ነገር ለማያያዝ ይሄን አገባብ ስለሚወድ፣ ጸሐፊው ሳያስበው ጊዜ ይፈጥራል። ማንም ያላየውን ቅደም ተከተል።

እኔ ፎቶ ብቻ ሲሰጠኝ ለራሴ ሕግ አለኝ። ከአንድ ፎቶ ላይ «እየከፈተ ነው»፣ «ተከፍቷል»፣ «ሊያነሳ ነው» አልጽፍም። «ክፍት መሳቢያ። ከመሳቢያው በላይ እጅ። በእጁ ቁልፍ» ብዬ እተወዋለሁ። ድርጊት የምጽፈው ሁለት ፎቶ ሲመሰክርልኝ ነው። ሲነበብ ደረቅ ነው፣ አውቃለሁ። ግን አይዋሽም።

ጋሽ_መቀስ

ሚጣ፣ ይሄን አላሰብኩትም ነበር። ስንት ጊዜ መግለጫ ሳነብ «ተከፍቷል» አልፎኛል መሰለሽ። ሰነፍ፣ የምስል ገላጩን ትእዛዝ በእሷ ሕግ አስተካክል። ሁኔታ ብቻ ይጻፍ፣ ድርጊት አይጻፍ። በኋላ ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ድርጊት ከማባረር ይቀላል።

ሰዓት_ቆጣሪ

እኔ ይሄን ሁሉ ውዝግብ አላየሁም። እያንዳንዱ መግለጫ ላይ ሰዓቱን ጻፍበት፣ የቋንቋ ሞዴሉ ያስተካክለዋል። እኔ እንደዛ ነው የማደርገው፤ ቆንጆ ይሠራል።

ዝምተኛ

ሰዓቱ ቅደም ተከተሉን ይጠብቃል፤ አቅጣጫውን አይመልስም። የሰነፍ ዝርዝር እኮ ሰዓት አለው፤ ከ0 እስከ 8 ተጽፎበታል። ምን ጠቀመው?

ሰዓት የሚጠቅመው መግለጫዎቹ ራሳቸው ሲለያዩ ነው። «ብርጭቆው ባዶ ነው፣ 2 ሴኮንድ»፣ «ብርጭቆው ሙሉ ነው፣ 6 ሴኮንድ» ከሆነ በአራት ሴኮንድ ውስጥ እንደተሞላ ታውቃለህ።

አንድ ወጥመድ ግን ልንገራችሁ፤ እኔን በልቶኛል። በስልክ የተቀረጸ ቪዲዮ ብዙ ጊዜ የፍሬም ፍጥነቱ ወጥ አይደለም። ብርሃን ሲቀንስ ካሜራው ራሱ ፍጥነቱን ዝቅ ሊያደርግ ይችላል። የፍሬሙን ተራ ቁጥር ለ30 አካፍለህ «ይሄ 40ኛው ሴኮንድ ነው» ካልክ ልትስት ትችላለህ። ስህተቱ ደግሞ እየተጠራቀመ ይሄዳል። የእኔ ቪዲዮ መጨረሻው ላይ ድምፁና መግለጫው ተለያይተው አገኘኋቸው። ሰውዬው «በሩን ዝጋው» የሚለው በሩ ተዘግቶ ካበቃ በኋላ ሆነ። ሰዓቱን ከፋይሉ አንብቡ፣ አታስሉ፦

```
ffmpeg -i v.mp4 -vf showinfo -f null -
```

የሚወጣው ላይ `pts_time` የሚለውን ፈልጉ። የፍሬሙ እውነተኛ ሰዓት እሱ ነው።

ገመድ_ዘላይ

ይቅርታ፣ ከርዕሱ ትንሽ ልወጣ ነው። እኔ ገመድ ስዘል ቀርጬ ስንት ጊዜ እንደዘለልኩ እንዲቆጥርልኝ ፈልጌ ነበር። በሴኮንድ አንድ ፍሬም። መልሱ «ሴትየዋ ገመድ ይዛ ቆማለች» ሆነ። አንድ ደቂቃ ሙሉ ላብ በላብ ሆኜ! ሞዴሉ ነው የሰነፈው ወይስ እኔ?

ጋሽ_መቀስ

አንቺም አልሰነፍሽ፣ ሞዴሉም አልሰነፈ። ከርዕሱም አልወጣሽም። በደቂቃ 120 ዘለልሽ እንበል። በሴኮንድ ሁለት ማለት ነው። በየሴኮንዱ አንድ ፎቶ ስትወስጂ በሁለት ፎቶ መካከል በትክክል ሁለት ዝላይ ያልቃል። ስለዚህ የመጀመሪያው ፎቶ እግርሽን መሬት ላይ ካገኘው ሁሉም መሬት ላይ ያገኙታል። ስልሳ ፎቶ፣ ስልሳ የቆመች ሴት።

ትንሽ ብታፈጥኚና በሴኮንድ 2.1 ብትዘዪ ደግሞ ሌላ ቅዠት ይመጣል። እያንዳንዱ ፎቶ ካለፈው በአንድ አስረኛ ዝላይ ወደፊት ይገፋል። ስለዚህ አስር ሴኮንድ ሙሉ የፈጀ አንድ ቀርፋፋ ዝላይ ይመስላል። ፊልም ላይ የመኪና ጎማ ወደ ኋላ ሲሽከረከር አይታችሁ አታውቁም? በሴኮንድ 24 ፍሬም የሚቀርጸው ካሜራ ጎማው ትንሽ ሳይሞላ ሲቀር ይይዘዋል፤ ዓይን ደግሞ ወደ ኋላ ሄደ ይላል። ያው ነገር ነው።

እዚህ ላይ ፈጣን መልስ ሙሉ በሙሉ ትክክል ነው፤ መፍትሔው ፍሬም መጨመር ነው። ለሚደጋገም ነገር ከድግግሞሹ ከሁለት እጥፍ በላይ ያስፈልጋል። ለአንቺ በሴኮንድ ከአራት በላይ ማለት ነው። ያ ግን የመጨረሻው ጠባብ ወሰን ነው። እኔ ብሆን ስምንት ወይም አስር እወስዳለሁ። መቁጠሩን ደግሞ ለቃል አልሰጥም። የእግርሽን ከፍታ በየፍሬሙ ለክቶ ጉብታውን መቁጠር ይሻላል።

ገመድ_ዘላይ

2.1 መዝለል የምችል ይመስልዎታል? 😂 አመሰግናለሁ ጋሼ።

ጋሽ_መቀስ

ሰነፍ፣ ቃል የገባሁልህ ይኸውልህ።

መጀመሪያ ዘጠኙን ፍሬም በእኩል ርቀት መበተኑን ተው። ጠረጴዛው ላይ ምንም የማይንቀሳቀስበት ሴኮንድና ቁልፉ የተቀየረበት ሴኮንድ እኩል ድርሻ አያስፈልጋቸውም። ፍሬሞቹን በትንሹ አሳንሰህ፣ እያንዳንዱን ካለፈው ጋር ቀንሰህ፣ ልዩነቱ የት ላይ ከፍ እንደሚል እይ። ይሄን ለመሥራት ሞዴል አያስፈልግም፤ የቁጥር መቀነስ ነው። ልዩነቱ ከፍ ያለበት ላይ ፍሬሞቹን አጠጋግተህ ውሰድ።

ያንተ መቀያየር ያለው ከ3.4 እስከ 4.9 ሴኮንድ ባለው ውስጥ ይመስለኛል። እዚያ ላይ እንዲህ አድርግ፦

```
ffmpeg -ss 3.4 -t 1.5 -i kulf.mp4 -vf "fps=4,scale=480:-1,tile=6x1" -frames:v 1 strip.png
```

ስድስት ፍሬም በሩብ ሴኮንድ ርቀት፣ ከግራ ወደ ቀኝ፣ በአንድ ምስል ላይ። ሰልፍ እንበለው። ይሄን አንድ ምስል ስጠውና እንዲህ በለው፦ «እነዚህ ስድስት ምስሎች ከግራ ወደ ቀኝ የተከታተሉ ናቸው። እያንዳንዱን ለብቻ አትግለጽ። ከአንዱ ወደ ቀጣዩ ቦታ የቀየረውን፣ አዲስ የታየውን፣ የጠፋውን ብቻ ጻፍ። ያልታየህን አልታየም በል።» የመጨረሻዋን አትርሳት። እጅ ቁልፉን ከሸፈነው ቁልፉ የለም ማለት አይደለም፤ አልታየም ነው።

ቪዲዮው ረጅም ከሆነ ብዙ ሰልፎች ይኖሩሃል። የአንዱ ሰልፍ መጨረሻ ፍሬም የቀጣዩ መጀመሪያ ይሁን። አለዚያ በሁለቱ ስፌት መካከል የሆነው ነገር ይፈስሳል። ከሰልፍ ወደ ሰልፍ ደግሞ ትንሽ መዝገብ አስተላልፍ፦ «ሰማያዊው ቁልፍ፣ መጨረሻ የታየው በቀኝ እጅ። መሳቢያው፣ ክፍት።» ቀጣዩ ሰልፍ ያንን ይዞ ይነሳል። ቁልፍ ጠረጴዛ ላይ ሲያይ «ይሄ የቱ ነው?» ብሎ እንዲጠይቅ የሚያስገድደው መዝገቡ ነው። አዲስ ቁልፍ ሲመጣ አዲስ መስመር ይከፈትለታል።

ሰነፍ_ኮደር

ሞከርኩት። መጥፎ ዜና አለ። «ሰውዬው በእጁ ትንሽ ዕቃ ይዟል፤ በሁለተኛው ምስል ዕቃው አልታየም፤ በአምስተኛው ትንሽ ዕቃ ይዟል» አለኝ። ትንሽ ዕቃ! ቁልፍ መሆኑንም ረሳው።

ዝምተኛ

ቪዲዮህ ስፋቱ 1920 ነው አይደል? 480 ስታደርገው በአራት አካፈልከው። ቁልፉ 80 ፒክስል ከነበረ 20 ሆነ። ማንጠልጠያው ደግሞ አምስትና ስድስት ፒክስል ይሆናል። አንተም ብታየው አትለየውም።

ከማሳነስህ በፊት ቁረጠው። መሳቢያውና ጠረጴዛው ያሉበትን ብቻ፦

```
-vf "fps=4,crop=640:480:900:500,scale=480:-1,tile=6x1"
```

`crop` ላይ ያሉት የመጨረሻዎቹ ሁለት ቁጥሮች የቁራጩ የግራና የላይ መነሻ ናቸው፤ በራስህ ቪዲዮ አስተካክላቸው። ጊዜ ለመግዛት ስፋት ትከፍላለህ፤ ስድስት ፍሬም አንድ ምስል ላይ ማስገባት ነጻ አይደለም።

ሰነፍ_ኮደር

ዝምተኛ ተባረክ። አሁን ይሄ ወጣ፦ «ከ1 ወደ 2፣ ሰማያዊ ማንጠልጠያ ያለው ቁልፍ ወደ መሳቢያው ወረደ። 3 ላይ እጁ ባዶ ነው፣ መሳቢያው ውስጥ። 4 ላይ እጁ የያዘው አልታየም። ከ4 ወደ 5፣ ቀይ ማንጠልጠያ ያለው ቁልፍ ከመሳቢያው ወጣ።»

3 ላይ እጁ ባዶ ነበር! ይቺን አንዲት ፍሬም ነበር ሦስት ቀን የፈለግኳት። በሴኮንድ አንድ ስወስድ እሷ ላይ አላረፍኩም። በሴኮንድ አስር ስወስድ ነበረች፤ ግን «እጁ መሳቢያው ውስጥ ነው» ተብላ ከሌሎቹ ጋር ተቀበረች።

ዝምተኛ

ቃል ጨርሶ ካላመንክ አቅጣጫውን በቁጥር ማውጣትም ይቻላል። ኦፕቲካል ፍሎው እያንዳንዱ ፒክስል ከአንድ ፍሬም ወደ ቀጣዩ ወዴት እንደሄደ ይሰጥሃል፦

```python
flow = cv2.calcOpticalFlowFarneback(a, b, None, 0.5, 3, 15, 3, 5, 1.2, 0)
cam = np.median(flow.reshape(-1, 2), axis=0)
dx, dy = (flow - cam)[y1:y2, x1:x2].reshape(-1, 2).mean(axis=0)
```

`a` እና `b` ጥቁርና ነጭ የሆኑ ተከታታይ ፍሬሞች ናቸው። ሁለተኛው መስመር ካሜራው ራሱ ከተንቀሳቀሰ እሱን ለመቀነስ ነው፤ አብዛኛው ምስል ግድግዳና ጠረጴዛ ከሆነ መካከለኛው ቁጥር የካሜራው እንቅስቃሴ ነው ብዬ እወስዳለሁ። ካሜራው ወደ ውስጥ ካጎላ ወይም ከዞረ ግን ይሄ አይሠራም።

ከዚያ ለጸሐፊው ሞዴል «እጁ በዚህ ሩብ ሴኮንድ ወደ ታች 60 ፒክስል ሄደ» ብለህ ከምስሉ ጋር ትሰጠዋለህ። ሁለት ማስጠንቀቂያ አለኝ። አንደኛ፣ በአንድ ሴኮንድ የሚራራቁ ፍሬሞችን አትስጠው። እጁ ከሚፈለግበት ክልል በላይ ስለሚርቅ የሚወጣው ቁጥር ዝባዝንኬ ነው። የተጠጋጉትን ፍሬሞች ስጠውና ድምሩን ውሰድ። ሁለተኛ፣ `dy` አዎንታዊ ሲሆን ወደ ታች ነው፤ የምስል መቁጠሪያ ከላይ ስለሚጀምር። እኔ አንድ ሳምንት ሙሉ ሁሉን ነገር ተገልብጦ ጽፌአለሁ። ሰው ሁሉ ብርጭቆ ሲያነሳ «አስቀመጠ»።

ሚጣ

😂 እኔ ይሄን ኮድ አላነበብኩትም፤ ግን «አስቀመጠ» የምትለዋ ገብታኛለች።

ጋሽ_መቀስ

ሰነፍ፣ ደስ ከማለትህ በፊት አንድ ፈተና ቀረህ። ያንኑ ትእዛዝ `fps=4` ከሚለው ቀጥሎ `reverse` ጨምርበትና ሰልፉን ገልብጠህ ስጠው። አሁን «ቀዩ ገባ፣ ሰማያዊው ወጣ» ማለት አለበት። አሁንም «ሰማያዊው ገባ» ካለ ሰልፉን አላነበበም፤ ገምቷል። ትክክለኛ መልስ በስህተት ምክንያት ማግኘት የተለመደ ነገር ነው።

ሰነፍ_ኮደር

አደረግኩት። ቁልፉ ላይ አለፈ፤ «ቀዩ ገባ፣ ሰማያዊው ወጣ» አለ። ደስ ብሎኝ ሌላ ቪዲዮ ላይ ሞከርኩ፤ ሰው ከጆግ ብርጭቆ ውስጥ ውሃ ሲቀዳ። ገልብጬ ስሰጠው፣ ማለትም ብርጭቆው ከሙሉ ወደ ባዶ ሲሄድ፣ አሁንም «ውሃ ወደ ብርጭቆው ቀዳ» አለኝ። ምን ልበል?

ፈጣን_መልስ

ያ እኮ ፈተናው ነው የተበላሸው። ውሃ ከብርጭቆ ወደ ጆግ ተነስቶ አይበርም። ሰውም ቢሆን «ይቺ ነገር ተገልብጣለች» ይልና ቀዳ ብሎ ይጽፋል። ሞዴሉ ልክ ነው።

ዝምተኛ

አልስማማም። የጠየቅነው በዓለም ላይ ምን ሊሆን ይችላል የሚለውን አይደለም። በእነዚህ ስድስት ሥዕሎች ላይ ከግራ ወደ ቀኝ ምን እንደተለወጠ ነው። የውሃው ልክ ከግራ ወደ ቀኝ እየቀነሰ ነው። ያንን ካልጻፈ አላየም።

ጋሽ_መቀስ

ሁለታችሁም የያዛችሁት ነገር አለ። እኔ ለፈተና የምመርጠው በሁለቱም አቅጣጫ ሊሆን የሚችል ነገር ነው። በር መክፈትና መዝጋት፣ መግፋትና መሳብ፣ ዕቃ ማንሳትና ማስቀመጥ። እዚያ ላይ ግምት አያድነውም። የውሃው ጉዳይ ግን ዝምተኛ እንዳለው ያሳስበኛል፤ ምክንያቱም እውነተኛ ቪዲዮ ላይም ያልተለመደ ነገር ይመጣል። ሰው ቀድቶ ሐሳቡን ቀይሮ መልሶ ጆጉ ውስጥ ይገለብጠዋል። ያኔም «ቀዳ» ካለን ወደ መጀመሪያው ችግር ተመልሰናል።

ሚጣ

እኔ ፎቶ ሲሰጠኝ ተበውዞ የመጣበት ጊዜ አለ፤ የላኪው ስልክ በስም ደርድሮት «10» ከ«2» ቀድሞ መጣ። ሳላውቅ ጽፌው ታሪኩ ቆንጆ ሆኖ ወጣ። ማንም አላወቀም፤ እኔም ያወቅኩት ቪዲዮውን በኋላ ሳየው ነው። ስለዚህ የፋይል ስም ላይ 002፣ 010 እያላችሁ ዜሮ ሙሉበት። የናንተ ሞዴል ላይም ሳይደርስ አይቀርም።

ሰነፍ_ኮደር

ሚጣ… አሁን ፋይሎቼን አየሁ። `f1.png`፣ `f10.png`፣ `f2.png`። 90 ፍሬም የሰጠሁት ጊዜ በዚህ ቅደም ተከተል ነበር የገባው። «ደጋግሞ ከተተ» ያለው ለዚህ ይሆን?

ጋሽ_መቀስ

ሊሆን ይችላል፤ ላይሆንም ይችላል። አስተካክለህ እንደገና አስሮጠውና ንገረን። «እጁ መሳቢያው ውስጥ ነው» ሃያ ጊዜ ከተደረደረም ተመሳሳይ ነገር ሊል ይችላል። ሁለቱን ለመለየት አንዱን ብቻ ቀይር።

ሰነፍ_ኮደር

እሺ ጋሼ። ነገ ደግሞ ሁለቱም ማንጠልጠያ ሰማያዊ የሆኑበትን ልቅረጽ ነው። እጁ መሳቢያው ውስጥ ተሸፍኖ እያለ ለቆ ሌላውን ቢያነሳስ? ባዶ እጁ አንድም ፍሬም ላይ ካልታየ በምን እናውቃለን?

ዝምተኛ

ከሥዕሉ አናውቅም። ድምፁን አዳምጥ፤ ቁልፍ ሲወድቅና ሲነሳ ሁለት ጊዜ ሊቃጭል ይችላል። ካልቃጨለ ግን «አልታየም» ብሎ የሚጽፈው ነው ትክክሉ።